ኳሷ ነፍስ የምትዘራው መቼ ነው?

ይህን የምጽፈው ለሚመዘገቡት ልጆች አይደለም፤ የአኒሜሽን ክፍል ከፍታችሁ ለማስተማር ለምታስቡት ነው። ልጆቹም ቢያነቡት ምስጢር ወጣብን ብለን አንጣላም።

ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ውስጥ ለጀማሪዎች የምንሰጠው የአኒሜሽን ትምህርት ማስታወቂያ «አስራ ሁለቱ የአኒሜሽን መርሆች በስድስት ቅዳሜ» ይላል። ቁጥር ሰው ይጠራል። ሲካፈል ለአንድ ቅዳሜ ሁለት መርህ ይደርሳል፤ ወላጅም ክፍያውን ሲሰጥ ሒሳቡ ይገባዋል። ውስጡን ለምናውቀው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንዱ መርህ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ይበላል፣ ሌላው በአሥር ደቂቃ ያልፋል፣ አንዱን ደግሞ ስሙን ጠርተን እንተወዋለን። ይባስ ብሎ ክፍሉን በሙሉ ተሸክሞ የሚሄደው ነገር ከአስራ ሁለቱ መካከል በስሙ የለም።

ዝርዝሩን ያወጡት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን የተባሉ የዲዝኒ አንጋፋ አኒሜተሮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት «ዘ ኢሉዥን ኦፍ ላይፍ» በተሰኘ መጽሐፍ። ያሰፈሩት በተለይ በ1930ዎቹ ስቱዲዮው ውስጥ በሥራ ላይ የተገኘውን ልምድ ነው እንጂ ለጀማሪ ክፍል ቅደም ተከተል አላበጁም። ዝርዝሩ የሚጀምረው በስኳሽና ስትሬች ነው፤ ማለትም ኳስ ስታርፍ በመጠፍጠፍ፣ ስትፈጥን በመለጠጥ። ይህን መጀመሪያ ቀን ያስተማረ ሰው ልጆቹ ኳሷን እንደ ሊጥ ሲያሹዋት ይውላል። መቼ መጠፍጠፍ እንዳለባት ሳያውቁ መጠፍጠፉን ብቻ ይለምዳሉ፤ የለመዱትን ማስተው ደግሞ ከማስተማር ይከብዳል።

ስለዚህ እኛ በሌላ መንገድ ከፍለነዋል። መጀመሪያ የወደቀች ኳስ፣ ቀጥሎ የዘለለች ኳስ። የወደቀችው ፈቃድ የላትም፤ የሚያዛት ክብደቷና መሬቱ ነው። የዘለለችው ግን አስባ ነው የተነሳችው። ከአስራ ሁለቱ መርሆች ለወደቀችው የሚያስፈልጓት ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ትርጉም የሚያገኙት ኳሷ ፈቃድ ካገኘች በኋላ ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ መሬት ላይ ነጥራ የምትነሳ ኳስ «እንድትዘጋጅ» ያደርጋታል፣ ወይም የምትዘልን ኳስ ማንም ሳይነካት እንደተወረወረች ያስነሳታል። ሁለቱም ስህተት ዓይን ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ ምክንያቱን መናገር ግን ለተመልካች ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ዓይንና አፍ መሳል ክልክል ነው። ልጆቹ የሚመጡት ናሩቶን ለማንቀሳቀስ ስለሆነ ያኮርፋሉ። «ቲቸር፣ ፊት ከሌላት ምኑን ካራክተር ሆነች?» ይሉኛል። ትክክል ናቸው፣ ገና አልሆነችም። ፊት የተሳለላት ኳስ ግን እንቅስቃሴዋ የተበላሸ ቢሆንም ተመልካች ይስቅላታል፤ ሳቁ ደግሞ ስህተቱን ይሸፍነዋል። እኔ ስህተቱን ማየት እፈልጋለሁ።

በዚያ ፋንታ ሁለት ኳስ ይዘን ደጅ እንወጣለን፦ አንድ የጎማ ኳስ፣ ትንሽ ነፋስ የጎደላት ብትሆን ይመረጣል፣ አንድ ደግሞ ሰፈር ውስጥ የምንጫወትባት የካልሲ ኳስ። አንዱ ልጅ ሁለቱንም ከደረቱ ከፍታ፣ ወደ 1.2 ሜትር ገደማ፣ እኩል ይለቃቸዋል። ሌላው በስልኩ ይቀርጻል። ከዚያ ቪዲዮውን በአንድ በአንድ ፍሬም እየገፋን እንቆጥራለን። የብዙ ስልክ ካሜራ በሰከንድ 30 ፍሬም ስለሚቀርጽ ከእጅ እስከ መሬት 15 አካባቢ ይሆናል፤ ግማሽ ሰከንድ ማለት ነው። ሁለቱም ኳሶች እኩል ይደርሳሉ።

ልጆቹ የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው፤ ክርክሩን ሆን ብዬ አላቆመውም። ክብደት በአወራረድ የሚታይ ይመስላቸዋልና። በዚህ ከፍታ አየሩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወርዳል። ልዩነቱ ያለው ከመሬት ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው። የጎማዋ ትነጥራለች፣ የካልሲዋ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ አንድ ልጅ ከባድ ነገር ሊስል ሲፈልግ አወራረዱን ማፍጠን የለበትም፤ ከወደቀ በኋላ ያለውን ማሳጠር አለበት። ቶማስና ጆንስተን ታይሚንግ ያሉት መርህ፣ ቢያንስ ለጀማሪ፣ ከዚህ ይጀምራል።

ቀጥለን ወደ ወረቀት እንመለሳለን። መብራት ቢሄድም የማይቋረጠው የትምህርቱ ክፍል ይህ ነው፤ እኔም የምወደው እሱን ነው። ኤ4 ወረቀት በቁመቱ ይያዛል፣ ከታች የመሬት መስመር ይሰመራል። ኳሷ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላት። ስትጀምር የታችኛው ጠርዟ ከመስመሩ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ይህም ውጭ የለቀቅናትን 1.2 ሜትር ይወክላል። በሰከንድ 12 ስዕል ስለምናሳይ ግማሽ ሰከንድ ስድስት ክፍተት ይሆናል። ጥያቄው 18ቱን ሴንቲ ሜትር ለስድስቱ ክፍተት እንዴት እናከፋፍለው ነው።

ሁሉም ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው 3፣ 3፣ 3 እያለ እኩል መከፋፈል ነው። ሲያጫውተው ኳሷ አትወድቅም፤ በገመድ ቀስ ተደርጋ የምትለቀቅ ትመስላለች። እዚህ ጋ ነው ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ነገር የሚገባው፦ ስፔሲንግ። ታይሚንግ ስንት ስዕል ነው ይላል፤ ስፔሲንግ ደግሞ በስዕሎቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ ስሎው ኢንና ስሎው አውት የሚባለው የዚሁ አንድ መልክ ነው።

መፍትሔው ከጋሊልዮ የመጣ ነው። የሚወድቅ ነገር በእኩል ጊዜ ውስጥ የሚሄደው ርቀት በ1፣ 3፣ 5፣ 7 እየተባለ በጎዶሎ ቁጥር ይጨምራል። ግማሽ ሴንቲ ሜትርን አንድ እርምጃ እንበል። ኳሷ በመጀመሪያው ክፍተት 1 እርምጃ፣ ከዚያ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ በመጨረሻም 11 እርምጃ ትወርዳለች። ስትደምሩት 36 እርምጃ፣ ማለትም ልክ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ማስመሪያ ያለው ልጅ ሁሉ ሊሠራው ይችላል፤ መሳል የማይችለውም ጭምር።

ስትነሳ ቁጥሩን ገልብጡት። ከስድስት ክፍተት ይልቅ አራት ስጧት፤ 7፣ 5፣ 3፣ 1 እርምጃ ትወጣለች፣ ድምሩ 16 እርምጃ ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያው መጠን ትወርዳለች። ቀጥሎ ሦስት ክፍተት ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ታች፤ ከፍታው 4.5 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ሁለት ሁለት፤ 2 ሴንቲ ሜትር። ሲጠቃለል 24 ክፍተት፣ 25 ስዕል፣ ልክ ሁለት ሰከንድ ይሆናል። እያንዳንዱን ስዕል ወደ ጎን 7 ሚሊ ሜትር ብትገፉት ደግሞ አርክ የሚባለው መርህ በራሱ ይመጣል፤ ነጥቦቹን ስታገናኙ ቅስቱ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። አርክን ለብቻው አስተምረን የማናውቀው ለዚህ ነው። ልጆቹ ቅስት ለመሳል ሲሞክሩ ያጣምሙታል፣ ቁጥሩን ሲከተሉ ግን ቅስቱ ራሱ ይወጣል።

የካልሲ ኳስ ከፈለጋችሁ የስድስቱን ክፍተት አወራረድ እንዳለ ተዉት፣ ንጥረቷን ግን አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች አድርጋችሁ አስቁሟት። አንዱን አወራረድ ለሁለት ኳስ መጠቀም ልጆቹን በጣም ያስደስታቸዋል፤ ሥራም ይቀንስላቸዋል።

መጠፍጠፉ የሚመጣው ይሄኔ ነው። 3 በ3 የነበረችው ኳስ ስትጠፈጠፍ ቁመቷ 2.5፣ ስፋቷ 3.6 ይሆናል፤ ስትለጠጥ ቦታቸውን ይቀያየራሉ። 2.5 በ3.6 ሲባዛ 9 ነው፣ 3 በ3ም 9 ነው። ኳሷ ከውስጧ ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልወጣባትም። ይህን ያልጠበቀ ልጅ ኳሱ ባረፈች ቁጥር ታብጣለች ወይም ትኮስሳለች። ብዙ ልጆች የሚስቱት ሌላው ነገር ቦታው ነው። መለጠጥ የሚገባቸው 11 እርምጃ ከመውረዷ በፊት ያለችው ስዕልና ከነጠረች በኋላ ያለችው ስዕል ናቸው፤ መጠፍጠፍ የሚገባት መሬት የነካችው አንዷ ብቻ ናት። ከላይ፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ክብ ናት። በየንጥረቱም መጠኑ ይቀንሳል፤ መጨረሻ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የነጠረች ኳስ እንደ መጀመሪያዋ ብትጠፈጠፍ ማንም አያምናትም።

ስልክ ላይ የምንጠቀመው FlipaClip ነው፤ ፍጥነቱን በሰከንድ 12 ማድረግና ያለፈውን ስዕል በስሱ የሚያሳየውን ኦኒየን ስኪን መክፈት ይበቃል። ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች Blender ላይ ሊሞክሩት ይቸኩላሉ፤ እዚያ አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ በሁለት ቁልፍ ቦታዎች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ሳይጠየቅ በሁለቱም ጫፍ ያለሰልሰዋል። ላይኛው ጫፍ ላይ ይህ ትክክል ነው። መሬቱ ጋ ግን ኳሷ ልትነካ ስትል ትዘገያለች፣ ትንሳፈፋለች። Graph Editor ውስጥ መሬት የነካችበትን ነጥብ መርጦ V ተጭኖ Vector ማለት ነው። ኩርባው እዚያ ቦታ ላይ እንደ ቪ ፊደል ሹል መሆን አለበት። ክብ ከሆነ ኳሷ መሬት አልመታችም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የመዝለል እግድ ይነሳል፦ ኳሷ ልትዘል ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ አጭር ፊልም አሳያቸዋለሁ፤ ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1986 የሠራውን «ላክሶ ጁኒየር»። ፊልሙ ውስጥ ሁለት የጠረጴዛ መብራትና አንድ ኳስ አሉ። ኳሷ የምትሄደው ስትገፋ ነው፤ ትንሹ መብራት ግን ራሱ ይዘላል። አንዳቸውም ፊት የላቸውም፤ ማን ነፍስ እንዳለው ግን ማንም አይሳሳትም። የሠራው ጆን ላሴተር በሚቀጥለው ዓመት እነዚህ መርሆች በኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚሠሩ የጻፈው ጽሑፍ ውስጥ መብራቱ ቅርጹ ሳይበላሽ መገጣጠሚያዎቹን በማጠፍ እንደሚጠፈጠፍ ያስረዳል። ልጆቹን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ መብራቱ ከመዝለሉ በፊት ምን አደረገ? ወደ ታች ወረደ።

አንቲሲፔሽን የሚባለው ይህ ነው። የእኛዋም ኳስ 8 ሴንቲ ሜትር ልትዘል ከሆነ መጀመሪያ ወደ መሬት ትወርዳለች። አራት ስዕል እየተጠፈጠፈች ወደ 2.5 ትወርዳለች፣ ሁለት ስዕል እዚያው ትንሽ ትንሽ እየሰመጠች ትቆያለች። ይህ ግማሽ ሰከንድ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ስዕል ላይ ከመሬት 3.5 ሴንቲ ሜትር ተነስታ ተለጥጣ መገኘት አለባት። መሃል ላይ ምንም የለም። ልጆቹ እዚህ «ድንገተኛ ሆነ» ብለው አንድ የምትነሳ ስዕል በገርነት ይጨምራሉ፤ ዝላዩ ያኔ ይሞታል። ዝግጅቱ ረጅም፣ መለቀቁ አጭር ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ኳስ ግን ይህ ግማሽ ሰከንድ አልነበራትም፤ ሊኖራትም አይገባም።

አራተኛው ቅዳሜ አሞራ ገደል ነው፤ የዓሣ ገበያው ጋ። የምንሄደው ለዓሣው ሳይሆን ፍርፋሪ ለሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ነው። ጎልማሳው አባ ኮዳ አንገቱ ስር የተንጠለጠለ ከረጢት አለው፤ ወፉ ይራመድና ይቆማል፣ ከረጢቱ ግን ገና ይወዛወዛል። ልጆቹ ያንን ከረጢት ለኳሳችን ይሰጧታል። ፎሎው ስሩ የምንለውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ኳሷ ስትነሳ ከረጢቱ ወደ ታች ይጎተታል፤ ጫፍ ላይ ስትደርስ እሷ ስትዘገይ እሱ ገና ወደ ላይ ይወጣል፤ ስታርፍ እሷ ትቆማለች እሱ ወደ ታች ቀጥሎ ይመለሳል። ከእሷ ሁለት ስዕል ዘግይቶ እንዲሄድ እናደርገዋለን። አብረው ከቆሙ ከረጢቱ በሙጫ የተለጠፈ ይመስላል።

አሠራሩ ላይም አንድ ብልሃት አለ። ኳሷን የምንሠራት ዋና ዋናዎቹን አቋሞች አስቀድመን ነው፦ ዝግጅት፣ ጫፍ፣ ማረፊያ፣ ከዚያ መሃሉን መሙላት። ከረጢቱን ግን ከመጀመሪያው ስዕል ጀምረን ወደፊት እየተከተልን እንስለዋለን፤ ቀድሞ ሊታቀድ አይችልም። መጽሐፉ እነዚህን ሁለት መንገዶች እንደ አንድ መርህ ነው ያስቀመጣቸው፤ በተግባር ግን ሁለቱም በአንድ ስዕል ላይ አብረው ይሠራሉ።

ሌሎቹን በፍጥነት አልፋቸዋለሁ። ለስቴጂንግ ካራክተሯን በሙሉ በጥቁር እንሞላታለን፤ ጠቁራ ከረጢቱና መጠፍጠፏ ካልታዩ አቀማመጧ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ፊት ለፊት ካስቀመጧት ከረጢቱ ሰውነቷ ውስጥ ይጠፋል፣ በጎን ካዞሯት ይታያል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አይተው ያደጉ ስለሆኑ የቀጭኔዋን ፀሐይ ጥላ ብቻ አስቡ እላቸዋለሁ፤ አንገቷ ብቻውን ማን እንደሆነች ይናገራል። ለማጋነን ደግሞ ቁጥሩን ብቻ እንቀይራለን፦ 2.5 በ3.6 ካልታየ 2 በ4.5 አድርጉት፤ ሲባዛ አሁንም 9 ነው። የዓይን እግድ የሚነሳው እዚህ ነው፤ ከመዝለሏ በፊት ዓይኗን ብታርገበግብ ወይም ወደምትዘልበት ብታይ ሴኮንደሪ አክሽን ይባላል፤ የምታርገበግበው በዝግጅቱ ጊዜ ነው እንጂ በዝላዩ መሃል ከሆነ ማንም አያየውም። ጠንካራ ስዕል የሚባለውን ኳሷ ላይ አንድ ቀበቶ መሰል መስመር በመሳል እንጨርሰዋለን፤ መስመሩ ቀጥ ካለ ኳሷ ክብ ወረቀት ናት፣ ከጎበጠ ኳስ ናት። አፒልን፣ ያ ሰው የሚስበውን ነገር፣ አናስተምረውም። በስድስት ቅዳሜ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ለሚመጣለት ልጅ ደግሞ እኛ ሳንነግረው ይመጣል።

ስድስተኛው ቅዳሜ ወላጆች የሚመጡበት ማሳያ ነው። ግድግዳ ላይ ያለ ድምፅ ነው የምናሳየው፤ ድምፅ ካለ «ቦይንግ» የሚለው ሥራውን ይሠራላቸዋል። ከክፍሉ ውጭ ከሆነ ሰው አንዱን፣ ብዙ ጊዜ ታናሽ እህት ወይም ወንድም፣ እጠራና አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ማን ገፋት?» ሕፃኑ «ራሷ ነች» ካለ ሥራው አልፏል። «ማንም፣ ወደቀች» ካለ ልጁን ወደ ስልኩ እመልሰዋለሁ። ከመነሳቷ በፊት ያሉትን ስዕሎች ሲቆጥር አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም ሦስት ብቻ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ሁለት ይጨምርና በድጋሚ ለዚያው ሕፃን ያሳየዋል።